ሶሌታው ሲሞቅ አይቀባም፦ በሁለት ትንንሽ ጣሪያዎች ላይ የተማርኩት

ድሬዳዋ ሳቢያን የሚገኘው ቤታችን ከጓሮ በኩል ሁለት ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያዎች አሉት፤ አንዱ የማዕድ ቤቱ፣ ሌላው የመታጠቢያ ቤቱ ነው። ሁለቱም 3 በ4 ሜትር ናቸው። የማዕድ ቤቱን አምና በእሳት በሚለጠፍ የሬንጅ ሜምብሬን አለበስኩት። የመታጠቢያ ቤቱን ደግሞ ዘንድሮ በግንቦት፣ እንደ ቀለም በሚቀባ አክሪሊክ ውኃ መከላከያ ሸፈንኩት። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ አስቸግረውኛል፤ የተቸገርኩበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ሜምብሬኑ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 1 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል ነው። ሁለት ጥቅል በቃኝ። ወለሉን ጠርጌ ፕራይመር ቀባሁና እስኪደርቅ ጠበቅኩ፤ ከዚያም ጥቅሉን ከታች በጋዝ እሳት እያሞቅኩ ወደፊት ገፋሁት። የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይደረባል። ሙቀቱ በቂ መሆኑን የሚነግራችሁ ድርቡ ራሱ ነው፦ ከጠርዙ ሥር የቀለጠ ሬንጅ እንደ ቀጭን ገመድ ወጥቶ ሲታይ ተጣብቋል ማለት ነው። ሜዳው ላይ ይህ በቀላሉ መጣልኝ። የቧንቧው ዙሪያ ግን እሳቱን ፈርቼ ቶሎ ቶሎ ስላለፍኩት ገመዱ ሳይታይ ቀረ።

በነሐሴ ዝናብ የማዕድ ቤቱ ኮርኒስ መሃል ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። እድፉ ያለበትን ቦታ ከላይ ብፈትሽ ምንም አልነበረም። የማልታ ማንኪያ ጫፍ ይዤ ድርቦቹን ሁሉ እየጎረጎርኩ ስሄድ ማንኪያው የገባልኝ ከእድፉ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ባለው ቧንቧ ሥር ነው። ውኃው በዚያ ገብቶ፣ ሜምብሬኑ በደንብ ባልተጣበቀበት በኩል ተጉዞ፣ ኮንክሪቱ ስንጥቅ ባለበት ቦታ ወርዷል። ስለዚህ እድፍ ስታዩ ከበላዩ ያለውን ብቻ አትቅደዱ፤ በቅርብ ካለው ቧንቧና ማዕዘን ጀምሩ።

የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ሦስት ቧንቧ አለበት። ፈሳሹን የመረጥኩት ለዚህ ነበር፤ ብሩሽ የማይገባበት ማዕዘን የለም፣ ድርብም የለውም። የመጀመሪያውን እጅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቀባሁ። እኩለ ቀን ላይ ብወጣ ገጹ በትንንሽ አረፋ ተሞልቶ አገኘሁት፤ አንዳንዱም ፈንድቶ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆኗል። እቃው የተበላሸ መስሎኝ በጣም አዘንኩ።

ነገሩን የገለጹልኝ ሠፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ ግንበኛ ናቸው። «ልጄ፣ ኮንክሪት ጠዋት ወደ ውጭ ይተነፍሳል፤ ወደ ማታ ወደ ውስጥ ይስባል» አሉኝ። በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ፀሐይ ሲያገኘው ይሰፋና መውጫ ይፈልጋል። በግንቦት የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ የቀለሙን ገጽ ቶሎ ስለሚያደርቀው አየሩ ከሥር ታፍኖ ያሳብጠዋል። ሶሌታው መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን አየሩ ስለሚኮማተር ፈሳሹን ወደ ቀዳዳዎቹ ይስበዋል።

አረፋውን ፍቄ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እጄን በሶሌታው ላይ ማሳረፍ ስችል እንደገና ቀባሁ። በማግስቱ አንድም አረፋ አልታየም። ቧንቧዎቹ ሥር እርጥቡ ቀለም ላይ የማጠናከሪያ ጨርቅ አልብሼ በላዩ ደገምኩ። ሁለተኛውን እጅ በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ የመጀመሪያውን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ሄድኩበት።

ውፍረቱን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ነጭ ነገር ስስ ሆኖም የሸፈነ ይመስላል። የኔ እቃ መመሪያ በጠቅላላው ለካሬ ሜትር 2 ኪሎ ይላል። ወለሉ 12፣ በዙሪያው ግድግዳ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የሚወጣው ደግሞ 3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 30 ኪሎ ያስፈልጋል። ጣሪያውን በጠመኔ ሦስት ቦታ ከፍዬ ለእያንዳንዱ በየእጁ 5 ኪሎ መዘንኩለት። እንዲህ ባላደርግ ኖሮ በአንድ የ20 ኪሎ ባልዲ ጨርሼ ደስ ብሎኝ እወርድ ነበር።

አክሪሊክ ውኃ ሲተኛበት አይወድም፤ ሲከርም ይላላል። ከመቀባቴ በፊት ውኃ አፍስሼ ኩሬ የሠራበትን ቦታ በማልታ ወደ መውረጃው አዘንብዬዋለሁ። ተዳፋቱን ማስተካከል ባልችል ኖሮ ፈሳሹን አልመርጥም ነበር።

አሁን ጎረቤታችን ጣሪያቸውን እንድሠራላቸው ጠይቀውኛል፦ 6 በ8 ሜትር፣ አንድ መውረጃ፣ ምንም ቧንቧ የሌለው። እዚያ ሜምብሬን ይሻላል ብያቸዋለሁ፤ ፋብሪካ የሠራው ውፍረት ስለሆነ በሰፊው ሜዳ ላይ የእኔ እጅ አያሳሳውም። እሳቱን የለመደ ባለሙያ ይይዛል፤ እኔ ከኋላው ማንኪያዬን ይዤ እያንዳንዱን ድርብ እጎረጉራለሁ።