ጥቅምት 10 እና ኦክቶበር 10፦ የአልትራሳውንድ ወረቀቴ ያሳደረብኝ ጭንቀት

ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ለገጣፎ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ የቅድመ ወሊድ ክትትል ቀጠሮዬ ነበር። የደም ግፊቴ ተለካ፣ ክብደቴ ተመዘገበ፣ ሽንት ሰጠሁ። አልትራሳውንድ ያነሳኝ ባለሙያም ሆዴን በሶፍት እንድጠርግ ካደረገ በኋላ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝና «ለሐኪምሽ አሳዪ» አለኝ። ሐኪሟ ግን የዚያን ዕለት አልነበሩም፤ የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር።

ወረቀቱን ሚኒባስ ውስጥ ገለጥኩት። ከላይ GA (LMP) 33w4d ይላል፤ በመጨረሻ በታየኝ የወር አበባ ሲሰላ እርግዝናው 33 ሳምንት ከ4 ቀን ሆኖታል ማለት ነው። ከሥሩ GA (AUA) 31w1d የሚል አለ። ከታች የፅንሱ ግምታዊ ክብደት EFW 1690 g ተብሎ ከጎኑ <10% ተጽፏል። ልጄ ከሁለት ሳምንት በላይ ወደ ኋላ እንደቀረ ነበር የገባኝ። ቤት እስክደርስ አለቀስኩ፤ ሌሊቱንም አልተኛሁም።

ያን ሌሊት የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ኖሮ በመጀመሪያ የሚነግረኝ AUA የልጁ ዕድሜ እንዳልሆነ ነበር። መሣሪያው አራት ነገሮችን ይለካል፤ የራስ ቅልን ስፋት (BPD)፣ የጭንቅላትን ዙሪያ (HC)፣ የሆድን ዙሪያ (AC) እና የጭንን አጥንት ርዝመት (FL)። ከዚያም «መካከለኛ ፅንስ ይህን ልክ የሚይዘው በስንተኛው ሳምንት ነው?» ብሎ አራቱንም ወደ ሳምንት ለውጦ አማካያቸውን ያወጣል። ስለዚህ AUA በሳምንት የተነገረ የሰውነት መጠን ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ጤነኛ ፅንሶች በመጠን ስለሚለያዩ ይህ ግምት እስከ ሦስት ሳምንት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ክብደቱም ቢሆን ከእነዚሁ ልኬቶች በቀመር የተሰላ ነው እንጂ ሚዛን ላይ አልወጣም፤ ከእውነተኛው በ15 በመቶ ቢርቅ አያስገርምም።

<10% የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ መቶ ፅንሶች መካከል ከልጄ የሚቀሉት አሥር እንኳ አይሞሉም ማለት ሲሆን፣ ሐኪሞች በቁም ነገር የሚያዩት ምልክት ነው። ሆኖም «በተመሳሳይ ዕድሜ» የሚለው ቃል ላይ ሁሉም ነገር ይንጠለጠላል፤ ዕድሜው በስህተት ከገባ ክብደቱ በትክክል ቢለካም መቶኛው ይዛባል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው ከላይ በትናንሽ ፊደላት የተጻፈችውን መስመር ያየኋት፦ LMP: 10/10/2024። ባለሙያው ሲጠይቀኝ «ጥቅምት 10» ብዬው ነበር። እሱ ጥቅምትን ኦክቶበር አድርጎ ቀኑን እንዳለ አስገብቶታል። ጥቅምት 10 ቀን 2017 ግን ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ሳገለባብጥ ነው የምውለው፤ እዚያ አልጋ ላይ ግን ዝም አልኩ። በእሱ ከተናደድኩት ይልቅ በራሴ የተናደድኩት ይበልጣል።

በጣቴ ቆጠርኩ። ከጥቅምት 10 እስከ ግንቦት 10 ሰባት ወር ወይም 210 ቀን ነው፤ እስከ ግንቦት 25 ደግሞ 225 ቀን፣ ማለትም 32 ሳምንት ከ1 ቀን። ከAUA ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሳምንት ብቻ ሆነ። በእኛ አቆጣጠር የመውለጃ ቀንን ማግኘትም ቀላል ነው፤ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን መጨመር ነው፣ ሐምሌ 20። በመካከል ጳጉሜን ካለች ግን የእሷን ቀናት መቀነስ ያስፈልጋል።

ቆጠራዬን ያረጋገጠልኝ ታኅሣሥ 14 የተነሳሁት የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው። እዚያ ላይ CRL 24 mm ይላል፤ የፅንሱ ርዝመት ከራስ እስከ መቀመጫ መሆኑ ነው፤ ይህም 9 ሳምንት ከ1 ቀን ያህል ነው። በዚያ ዕድሜ ፅንሶች ገና በመጠን ብዙ ስለማይለያዩ ግምቱ የሚስተው በጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይበቃል የሚል ምክር አለ፤ እኔ ግን አቅሙ ያላት ሦስተኛ ወሯን ሳትጨርስ ትነሳ እላለሁ፤ ያቺንም ወረቀት እንደ ልደት የምስክር ወረቀት ታስቀምጣት። ኋላ የሚመጣ ወረቀት የመውለጃ ቀን ቢቀይርባት አትቀበል፤ የመጀመሪያውን አውጥታ ለሐኪሟ ታሳይ።

ሒሳቤን ተማምኜ ቤት አልተቀመጥኩም፤ በማግስቱ ሁለቱንም ወረቀቶች ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ቀኑን አስተካክለው ሲያዩት መቶኛው ከ10 በላይ ሆነ። ቢሆንም ጠርዝ ላይ ስለነበር አልለቀቁኝም፤ ዕድገት የሚታወቀው በአንድ ልኬት ሳይሆን በሁለት ልኬቶች መካከል ባለው ጭማሪ ነው ብለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሩኝ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብኝ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ አስጠነቀቁኝ።

ሰኔ 16 ቀን 2300 g ሆነ፤ በሳምንት 200 ግራም ያህል ጨምሯል። ያን ቀን ያነሳችኝ ሲስተር ጄሉን ከመቀባቷ በፊት «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» አለችኝ፤ እኔም በወረቀት የጻፍኩትን 20/10/2024 ዘረጋሁላት። አየችውና «በፈረንጅ ነው አይደል?» አለች። በዘጠኝ ወር ውስጥ ይህን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።