ጥር 18 የገባ ተከራይ ለጥር ስንት ይከፍላል?

ወር መሀል ላይ ቤት የሚከራይ ሰው ለቀሪዎቹ ቀናት ብቻ ይክፈል ሲባል ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ የሚነሳው ቀኖቹን መቁጠር ሲጀመር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜ በቀር እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ ማካፈሉ አያስቸግርም። አስቸጋሪው የትኛው ቀን ተቆጥሮ የትኛው እንደማይቆጠር መወሰኑ ነው። ይህን የምጽፈው አከራይና ተከራይ በሁለት ቀን ኪራይ ምክንያት ገና ከመግቢያው መቃቃራቸው ስለሚያሳዝነኝ ነው።

አንድ ምሳሌ ልያዝ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቤት ነው፣ ኪራዩ በወር 15,000 ብር፣ ተከራዩ የሚገባው ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም። የቀኑ ኪራይ 15,000 ለ30 ሲካፈል 500 ብር ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 30 ሲቀነስ 18፣ 12 ይላል። ግን ተከራዩ 18ኛውን ቀን ራሱ አድሮበታል። ከ18 እስከ 30 በጣት ቢቆጠር 13 ቀን ነው፤ ስለዚህ ከቀነሱ በኋላ አንድ መጨመር ያስፈልጋል። ለጥር የሚከፈለው 6,500 ብር ይሆናል፣ ከየካቲት 1 ጀምሮ ደግሞ ሙሉው 15,000።

ኪራዩ ለ30 እኩል የማይካፈል ሲሆን መጀመሪያ ማባዛት፣ ከዚያ ማካፈል ይሻላል። 17,500 ብር ቢሆን 17,500 በ13 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 7,583 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። የቀኑን ኪራይ አስቀድሞ «ወደ 600 እናድርገው» ብሎ የጀመረ ሰው ግን 7,800 ይደርሳል። ከ200 ብር በላይ ልዩነት የመጣው ከማጠጋጋት ብቻ ነው። ማጠጋጋት ካስፈለገ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጊዜ ይሁን።

መነሻው ቀን የቱ ነው? ውሉ የተፈረመበት ቀን አይመስለኝም። ተከራዩ ቁልፍ ተቀብሎ ባዶ ቤት ውስጥ መግባት የቻለበት ቀን ነው። ውሉ ጥር 18 ተፈርሞ ቀለም ቀቢው እስከ 20 ቤቱን ካልለቀቀ፣ የመጀመሪያው የኪራይ ቀን 21 ነው፤ ክፍያውም የ10 ቀን፣ 5,000 ብር። ሌላው ሰው የሚዘነጋው ጉዳይ የቀድሞው ተከራይ ነው። እሱ ጥር 18 ጠዋት ወጥቶ አዲሱ ከሰዓት ቢገባ፣ የዚያ ቀን ኪራይ ከሁለቱም ሊጠየቅ ይችላል። የገባበት ቀን ለሚገባው ይቆጠራል፣ የወጣበት ቀን ለሚወጣው አይቆጠርም ብሎ መስማማት ይህን ይፈታዋል፤ አዲሱ ተከራይም ነገ ሲወጣ በዚሁ ደንብ ይወጣል።

ወር መሀል የገባ ሁሉ ግን በቀን ማስላት አለበት ማለት አይደለም። ብዙ አከራዮች ወሩን ከ18 እስከ 17 ይቆጥሩታል፤ ተከራዩ በገባ ዕለት ሙሉ ወር ይከፍላል፣ ቀጣዩም በየወሩ በ18 ነው። ምንም ማካፈል የለበትም። በቀን ማስላት የሚጠቅመው አከራዩ ብዙ ተከራዮች ኖረውት የሁሉንም ክፍያ ወር መጀመሪያ ላይ ማድረግ ሲፈልግ፣ ወይም የተከራዩ ደመወዝ ወር ሲያልቅ የሚገባ ሲሆን ነው።

ከ18 እስከ 17 የሚለውን የመረጡ ሰዎች በተለይ ጳጉሜን ያስቡ። በተለመደው አከፋፈል ኪራይ በዓመት 12 ጊዜ ስለሚከፈል ለጳጉሜ የብቻ ኪራይ የለም። ስለዚህ ከነሐሴ 18 እስከ መስከረም 17 ያለው «ወር» 35 ቀን ነው፣ የሚከፈለው ግን ያው 15,000 ነው። ውሉ ላይ «በየወሩ በ18» ከማለት ይልቅ «በየ30 ቀኑ» ተብሎ ከተጻፈ ቀጣዩ ክፍያ መስከረም 13 ላይ ይወድቃል፣ በየዓመቱም ወደፊት እየቀደመ ይሄዳል። ከጥር 18 ቀን 2018 እስከ ጥር 17 ቀን 2020 ባለው የሁለት ዓመት ውል ውስጥ የ2018 ጳጉሜ 5 ቀን፣ የ2019 ደግሞ 6 ቀን አላት። 11 ቀን በ500 ብር፣ 5,500 ብር ተከራዩ ሳያውቀው ይጨምራል ማለት ነው። አንዲት ሐረግ ናት፤ ከመፈረም በፊት አንድ ደቂቃ ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል።

ጳጉሜ 2 የሚገባ ሰውስ? እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። አከራዩ «ሌሎቹ ጳጉሜን የኖሩት 12 ወር ከፍለው ነው፣ አንተ ገና አንድም አልከፈልክም» ይላል፤ ተከራዩ ደግሞ «ለጳጉሜ ኪራይ ተከፍሎ አያውቅም» ይላል። እኔ የአከራዩ ክርክር ይበልጥ ሚዛን ይደፋል እላለሁ፤ ሆኖም ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ካልተነገረ መጠየቁ ተገቢ አይደለም። ከ2 እስከ 5 ያለው 4 ቀን ነው፣ 2,000 ብር።

በፈረንጅ አቆጣጠር ደመወዝ የሚያገኝ ተከራይ ካለ አንዱን አቆጣጠር መርጦ በሱ መጽናት ግድ ነው። ጥር 18 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 26 ቀን 2026 ነው። ወሩ በጃንዋሪ የሚያልቅ ከሆነ የቀረው 6 ቀን ብቻ ነው፣ ማካፈያውም 31 ነው፤ ክፍያው 2,903 ብር ከ23 ሳንቲም ይመጣል። ችግር የሚፈጠረው በፈረንጅ ወር እየቆጠሩ ለ30 ሲያካፍሉ ነው። ጃንዋሪ 1 የገባ ሰው 31 ቀን በ500 ቢባል 15,500 ብር ሊከፍል ነው፣ ከሙሉ ወር ኪራይ በላይ። ስሌት ትክክል መሆኑን ለማወቅ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን የገባን ሰው አስቡና አስሉ፤ ልክ የወሩን ኪራይ ካልሰጠ ማካፈያውና የተቆጠሩት ቀኖች አልተስማሙም።

ቀብድና ቅድሚያ ክፍያም ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። የ13ቱ ቀን 6,500 ላይ የሁለት ወር 30,000 ሲደመር 36,500 ብር ነው፣ ከሁለት ወር ያልፋል። 6,500 እና የየካቲት 15,000፣ በድምሩ 21,500 መክፈል ግን ገደቡን አይነካም። ክፍያው በባንክ ሲገባ ምክንያት በሚለው ቦታ «የጥር 18–30 ኪራይ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ካልተጻፈ 6,500 ብር ከጊዜ በኋላ ያልሞላ የወር ኪራይ ሊመስል ይችላል።

መብራትና ውሃ በቀን አይሰሉም። በገቡበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንስቶ መያዝ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው የቀድሞው ሰው ወይም የአከራዩ ነው።

ውሉ ላይ ለመጻፍ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይበቃል፦ «ተከራይ ቁልፉን የተረከበው ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም ስለሆነ፣ የተረከበበትን ቀን ጨምሮ እስከ ጥር 30 ላሉት 13 ቀናት የወሩ ኪራይ ለ30 ተካፍሎ ብር 6,500 ከፍሏል። ከየካቲት 1 ጀምሮ ኪራዩ በየወሩ በ1 ቀን ይከፈላል። ለጳጉሜ የተለየ ኪራይ አይከፈልም።»