ዶሮ ወጥ በላይቭ ስሠራ፦ መዘግየቱ፣ ቅጂውና ቻቱ

የምግብ ቻናሌ ላይ ድሮ ቀርጬ፣ ቆራርጬ ነበር የምጭነው። ዶሮ ወጥን ግን በዩቲዩብ ላይቭ መሥራት ጀመርኩ። ሰው ጥያቄ የሚመጣለት ሽንኩርቱ ሲቁላላ ነዋ፣ ወጡ ከወጣ በኋላ ምን ያደርግለታል?

መጀመሪያ የሚያስቸግረው መዘግየቱ ነው። የተጫነ ቪዲዮ ሙሉው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ ስልኩ ቀድሞ እያወረደ ያሳያል። ላይቭ ግን እየተቀረጸ በትንንሽ ቁራጭ ነው የሚላከው፣ የተመልካቹ ስልክም ጥቂት ቁራጭ ካላጠራቀመ አይጀምርም። ስለዚህ እኔ በርበሬ ስጨምር እነሱ ገና ሽንኩርት ላይ ናቸው። ስንት እንደሚዘገይ ለማወቅ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ካሜራው ፊት አስቀምጬ ላይቩን በሌላ ስልክ ከፈትኩት፤ የሁለቱ ሰዓት ልዩነት መልሱ ነው።

ዩቲዩብ ላይ Normal, Low እና Ultra low-latency የሚሉ ምርጫዎች አሉ። መዘግየቱን ባሳጠርክ ቁጥር ስልኩ የሚያጠራቅመው ስለሚያንስ፣ ኔትወርኩ ትንሽ ሲደክም ወዲያው ይቆማል። ብዙ ተመልካቾቼ አገር ቤት ሆነው በሞባይል ዳታ ስለሚያዩ መካከለኛውን ያዝኩ። ከዛ በኋላ ልማድ ማውጣት ነው፦ በርበሬው ከመግባቱ በፊት "ጥያቄ ካላችሁ አሁን ጻፉ" እላለሁ፣ እያማሰልኩ ስለ ቅቤው አወራለሁ፣ ጥያቄው እስኪደርስ። ሲደርስም ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

ማንበቡ ለቅጂውም ይጠቅማል። ላይቩ ከ12 ሰዓት ካላለፈ ዩቲዩብ ራሱ ያስቀምጠዋል፣ ቻቱም አብሮ እየሄደ ይታያል። መግቢያው ላይ ያለውን "ድምፅ ይሰማል?" ምናምን በኤዲተሩ ከቆረጥክ ግን ቻቱ ከቅጂው ይጠፋል። እኔ መቁረጡን ትቼ ማብራሪያው ውስጥ ደቂቃ እጽፋለሁ፦

```
0:00 ሰላምታ
6:40 ሽንኩርት
48:15 በርበሬ
```

ከ0:00 ጀምሮ ቢያንስ ሦስት መስመር ከሆነ ዩቲዩብ በምዕራፍ ይከፍለዋል፣ ሰውም ወደፈለገው ይዘላል።

ቻቱ ሌላ ጉድ ነው። የተጫነ ቪዲዮ ላይ መጥፎ አስተያየት ነገ ብታጠፋውም ይሆናል፤ ላይቭ ላይ ግን እጄ በርበሬ ሆኖ አንዱ ስድብ፣ ሌላው "ብር እናባዛለን" ከነስልክ ቁጥሩ ይለጥፋል። ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ሞደሬተር ሆና ታጠፋለች። Blocked words በሚባለው፣ ቻቱ እንዳያሳልፋቸው በምንከለክላቸው ቃላት ዝርዝር ውስጥ ቃል ስናስገባ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው፦ "ሀ" እና "ሐ"፣ "ሰ" እና "ሠ"፣ "ጸ" እና "ፀ" ለኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ፊደሎች። አንዱን ስድብ በሁሉም አጻጻፍ፣ "አንተ" እና "አንቺ" በሚባልበት መልኩ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈውንም ጨምረን ነው ያስገባነው። አንድ ሰው ጽፎ እንደገና እስኪጽፍ የሚያስጠብቀውን Slow mode የምንከፍተው ቻቱ ከማንበብ በላይ ሲፈጥን ብቻ ነው፤ ሁሌ ከተከፈተ ጨው ስንት ማንኪያ ብሎ የጠየቀ ሰው "የሻይ ነው የሾርባ?" ብሎ ለማስከተል ተራ ሲጠብቅ እኔ ጨምሬ ጨርሻለሁ።