ስፓይሮሜትሪ ስትሠሩ ቁመቱን እንዴት እንደለካችሁ ጻፉ

እኔ እዚህ ጎንደር ስፓይሮሜትሪ ነው የምሠራው። ማሽኑ የሚለካው ሰውየው የነፋውን አየር በሊትር ነው፣ ፐርሰንቱ ግን የሚመጣው እኛ ባስገባነው ዕድሜ፣ ፆታና ቁመት ከተሰላው "ፕረዲክትድ"፣ ማለትም እንደሱ ካለ ጤነኛ ሰው ከሚጠበቀው መጠን ጋር ሲነጻጸር ነው። ከነዚህ ውስጥ ቁመት ውጤቱ ላይ በጣም ይመዝናል፣ ምክንያቱም ረጅም ሰው ደረቱም ሰፊ ነው፣ በዛ ላይ ስሌቱ ቁመትን በፓወር ነው የሚያሳድገው። እኛ በምንጠቀምበት GLI Global 2022 በሚባለው ስሌት፣ ለሴት FVC፣ ማለትም አየር እስከ ጥግ ስቦ በኃይል ሲነፋ ለሚወጣው ጠቅላላ አየር፣ ፓወሩ 2.6 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ቁመት 1 ፐርሰንት ሲሳሳት ፕረዲክትዱ 2.6 ፐርሰንት ገደማ ይሳሳታል።

አንዲት እናት ከአዘዞ መጡ፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጫማ አስወልቄ ተረከዛቸውን ግድግዳ አስጠግቼ ስለካ 148 ሴ.ሜ ሆኑ፣ ግን ጀርባቸው በጣም ጎብጧል። "እማማ፣ ይሄ ጀርባዎ መቼ ነው የጎበጠው?" አልኳቸው። "ኧረ ልጄ፣ ልጅ ሆኜ ቲቢ አከርካሪዬን ይዞኝ ነው" አሉኝ።

FVC 1.9 ሊትር ነፉ። ለ148 ፕረዲክትዱ 2.3 ስለሆነ 83 ፐርሰንት ወጣ፣ ኖርማል የሚባል ቁጥር ነው። ችግሩ ግን አጥንታቸው ስለጎበጠ ነው ያጠሩት እንጂ ሳይጎብጡ ሊኖራቸው የሚገባው ሳንባ የ148 ሰው ሳንባ አይደለም፣ እንዲህ ስናስገባ በሽታው ራሱ ያሳጠረውን ቁመት አስገብተን በሽታውን እንደብቀዋለን ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ አረግኩና ከመሀል ጣት ጫፍ እስከ መሀል ጣት ጫፍ ለካሁ፣ 166 ሆነ። ይሄን እንዳለ ቁመት ብሎ ማስገባት አይቻልም፣ የአዋቂ ክንድ ሲዘረጋ ብዙ ጊዜ ከቁመቱ ይበልጣል፣ የተለመደው ለ1.06 ማካፈል ነው፣ 156.6 ገደማ መጣ። ግምት ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ግን ለጎበጠ ሰው ከ148ቱ ይሻላል። በዚህ ቁመት ፕረዲክትዱ 2.66 ሆነ፣ ያው 1.9 ሊትር ወደ 71 ፐርሰንት ወረደ፣ ከኖርማሉ የታችኛው ወሰን በታች ነው።

FEV1/FVC ግን 0.79 ላይ እንዳለ ነው፣ በመጀመሪያው ሰከንድ የተነፋውን ለጠቅላላው ለተነፋው ስለሚያካፍል ያስገባነው ቁመት አይነካውም። ለዛ ነው የቁመት ስህተት አስም ወይ COPD መኖሩን ብዙም የማያዛባው፣ የሚያዛባው ሪስትሪክሽን፣ ማለትም የሳንባ መጠን ማነስን፣ የሚያስጠረጥረውን FVC እና የሕመሙን የክብደት ደረጃ ነው። ሪስትሪክሽን መሆኑን ደግሞ ስፓይሮሜትሪ ብቻውን አያረጋግጥም፣ አጠቃላይ የሳንባ መጠን መለካት አለበት፣ እኔ ለሐኪሙ "የሚያጠራጥር" ብዬ ነው የጻፍኩት።

በተቃራኒው ደግሞ ከመታወቂያ ከእውነቱ በልጦ የተገለበጠ ወይም ከፍ ብሎ በተሠራ ሹሩባ ላይ የተለካ ቁመት ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስላል። ሹሩባውን ገለል አርጋችሁ የመለኪያውን ጣውላ ጭንቅላት ላይ አሳርፉት።

የድሮ ፕሪንት ካለ ጎን ለጎን አስቀምጡት፦ ሊትሩ ያው ሆኖ ፐርሰንቱ ከዘለለ መጀመሪያ የቁመቱን መስመር እዩ፣ ቀጥሎ የተመረጠው ስሌት ያው መሆኑን። እኔ እማማ ሪፖርት ላይ "ቁመት በክንድ ርዝመት የተገመተ፣ 166/1.06" ብዬ ጽፌያለሁ፣ በሚቀጥለው ሌላ ሰው በ148 ቢሠራላቸው ሳይድኑ የተሻላቸው ይመስላል።