የመስከረም ተመዝጋቢ የመጣው መቼ ነው?

በግል ኮሌጃችን የመስከረም የምዝገባ ሪፖርት በቀረበ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ዛሬም ተነሳ። አለቃዬ የወሩን ተመዝጋቢ ለዚያው ወር ጠያቂ ያካፍላሉ። እንዲቀል ክብ ቁጥር ልጠቀም፦ በመስከረም 200 ሰው ጠይቆ 60 ቢመዘገብ፣ «ከመቶ ሠላሳ! ማስታወቂያው ሠርቷል» ይላሉ። በግንቦት ደግሞ 120 ጠይቆ በወሩ የተመዘገበ ከሌለ፣ ትምህርት ቤቶች ድረስ ሄደን በራሪ ወረቀት ያደልንበት ገንዘብ ውኃ በላው ማለት ነው።

60ዎቹን በስልክ ቁጥራቸው መዝገቡ ውስጥ ወደ ኋላ ስንፈልጋቸው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። 27ቱ መጀመሪያ የጠየቁት ግንቦት ላይ ነው እንበል፤ 9ኙ በክረምት፤ የመስከረም ጠያቂዎች የቀሩት 24 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ግንቦት ከ120 ሰው 27 አምጥቷል፣ መስከረም ከ200 ሰው 24።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቤት ውሳኔ የሚዘገየው በእኛ ስንፍና አይደለም። ፈተናው ክረምት ላይ ነው፣ ውጤቱ መስከረም አካባቢ ይመጣል፣ ከዚያ የሬሜዲያል መቁረጫ ነጥብ፣ ከዚያ የመንግሥት ምደባ። እናቶች «ውጤቱ ይምጣና እናያለን» ሲሉ እምቢ ማለታቸው አይደለም። መዝገባችን ላይ ግን ይህ መልስ «አልፈለጉም» ከሚለው ጋር አብሮ ይጻፍ ነበር፤ ማንም መልሶ አይደውልላቸውም። አሁን «ውጤት ጠባቂ» የሚል የራሱ ዓምድ አለው፤ ውጤት በተለቀቀ ማግስት መጀመሪያ የሚደወለው ለእነሱ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ግን አንድ ልጅ ሦስት ሰው ሆኖ መቆጠሩ ነው። ልጁ በቴሌግራም ይጠይቃል፣ እናቱ ትደውላለች፣ ግቢውን ለማየት የሚመጣው ደግሞ አጎቱ ነው፤ ዘበኛው የሚመዘግበውም የአጎቱን ስም ነው። ስለዚህ የመዝገቡ መስመር የሚከፈተው በተማሪው ስም ሆኖ የሁሉም ስልክ እዚያው ይጻፋል። አንዱ በ09 ሌላው በ+251 ስለሚጽፈው የምንፈልገው በመጨረሻዎቹ ዘጠኝ አሃዞች ነው። «ከማን ሰማችሁ?» የሚለውም ጥያቄ መጀመሪያ ሲደውሉ ካልተጠየቀ አይረባም፤ በምዝገባ ቀን ሁሉም የሚነግሩን መጨረሻ ያዩትን ማስታወቂያ ነው።

እውነቱን ለመናገር የአለቃዬም ነጥብ ባዶ አይደለም። የመስከረም ጠያቂዎች ገና ጊዜያቸውን አልጨረሱም፤ ጥቅምት ላይ ሊጨምሩ ይችላሉ። በሌላ በኩል የመመዝገቢያ ከፍሎ ደረሰኝ ከያዘው መካከል ምደባ ሲወጣ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ አይጠፋም፤ ለዚህ ነው «ተመዘገበ» እና «ክፍል ገባ» የሚሉትን የለየኋቸው። የሁለቱ ወሮች ፍርድ ምደባው ካለፈ በኋላ ቢሰጥ ይሻላል አልኳቸው።

«የሚመጣው ዓመት በጀት ግን ነገ ነው የሚላከው» አሉኝ። የግንቦቱን በጀት ሳይነኩ ትተው፣ ለመስከረም ያሰቡትን ጭማሪ እስከ ኅዳር አቆይተውታል።