አሥራ አንድ ጊዜ ታርሞ የጠፋው የአያቴ ፊት

አያቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ለሙት ዓመቷ በትልቁ ታትሞ የሚሰቀል ፎቶ አስፈለገ። ከወጣትነቷ ያለን አንድ ብቻ ነው። ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው፣ ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ። መሃሉ ላይ ታጥፎ ተሰንጥቋል። ስካን አደረግሁትና በኤአይ ምስል ማረሚያ ላድሰው ተቀመጥኩ።

ሥራውን ቀስ በቀስ ነው የያዝኩት። መጀመሪያ ስንጥቁንና ነጠብጣቡን አስጠፋሁ። ቀጥዬ ቀለም ጨመርኩ። ከኋላዋ ያለውን የተጨማደደ መጋረጃ ቀየርኩ። የነጠላዋ ጥለት እንዲታይ አደረግሁ፤ ቀለሙ አልጣመኝም፣ እንደገና ቀየርኩት። ብርሃኑን አለሰለስኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ዙር ሄድኩ። የአንዱ ዙር ውጤት ለሚቀጥለው መነሻ ይሆናል። በየዙሩ አዲሱን ከቀደመው ጋር አስተያይ ነበር። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላየሁም።

የመጨረሻውን ለአክስቴ አሳየኋት። ስልኩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቆንጆ ናት ልጄ። ግን ማን ናት?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ከመጀመሪያው ስካን ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት። ደነገጥኩ። ግንባሯ ላይ የነበረው የመስቀል ንቅሳት የለም። አፍንጫዋ ቀጥኗል። ጠይሟ አያቴ ቀይ ሆናለች። አንደኛው የዐይኗ ሽፋን ከሌላው ትንሽ ዝቅ ይል ነበር፤ አሁን ሁለቱም እኩል ናቸው። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ኢምንት ነው። ተደምሮ ግን ሌላ ሴት ሆኗል። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር፤ ሁለት ተከታታይ ምስሎችን ብቻ ሲያስተያዩ ፊት መሸሹ አይታይም። ከመነሻው ጋር ካልተያየ አይታወቅም።

በድንጋጤ የጻፍኩት የመጀመሪያ ማስተካከያ ይህ ነበር፦

```
Keep the same face. Make her look like the original.
```

ምንም አልተለወጠም። ለምን እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ። እኔ የምልክለት አሥራ አንደኛውን ምስል ብቻ ነው። «ኦሪጅናሉ» በእኔ ጭንቅላት ውስጥ እንጂ ምስሉን በሚሠራው የኤአይ ሞዴል ዘንድ የለም። «ያው ፊት ይሁን» ስለው የሚያውቀው ፊት የዚያችን የማላውቃትን ሴት ነው። ስለዚህ ትእዛዜን በደንብ ፈጽሟል፤ እሷኑ አጽንቶ አስቀመጠልኝ። ፊት ከሸሸ በኋላ የሚጻፍ «አትቀይር» የሚል ቃል የሚያጸናው የሸሸውን ፊት ነው።

ፊት ለምን እንደሚሸሽ ሳይገባኝ ፕሮምፕት፣ ማለትም ለሞዴሉ የሚጻፈውን ትእዛዝ፣ ብቀያይር ትርጉም እንደሌለው ተረዳሁ። ብዙዎቹ እነዚህ ሞዴሎች ፎቶው ላይ እንደ ብሩሽ አንድ ቦታ ነክተው አይተዉም። ምስሉን መጀመሪያ ወደ ትንሽ የቁጥር ሰሌዳ ይጨምቁታል፤ ከዚያ ሙሉውን እንደገና ይስሉታል። ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ ስቴብል ዲፊውዥን ሞዴሎች በቁመትም በወርድም ስምንት ስምንት ፒክስል ወደ አንድ ነጥብ ይጨመቃል። 512 በ 512 የሆነ ምስል 64 በ 64 ይሆናል ማለት ነው። አሁን የእኔን ፎቶ አስቡት። ሦስት ሴንቲ ሜትር ወርድ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ ስካን ሲደረግ 354 ፒክስል ገደማ ነው። ፊቷ የዚያ ግማሽ ቢሆን፣ አንድ ዐይኗ ከ40 ፒክስል አይበልጥም። በዚያ ዓይነት ሞዴል የአያቴ ዐይን በአምስት ነጥብ ስፋት ላይ ተንጠልጥሏል። የዐይን ሽፋኗ ዝቅ ማለት እዚያ ውስጥ የት ይያዛል?

ሲጨመቅ የጠፋውን ሞዴሉ ከለመደው ይሞላዋል። የለመደው ደግሞ ለስላሳ ቆዳና እኩል የሆኑ ዐይኖች ናቸው። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሲነሳ ጽሑፉ እየደበዘዘ እንደሚሄደው ነው፤ እዚህ ግን በመደብዘዝ ፈንታ ወደ አማካይ ቆንጆ ሰው ይሄዳል። አሥራ አንዱንም ምስሎች በተራ ከፍቼ ንቅሳቱን ተከታተልኩ። በመጀመሪያው ዙር ደብዝዟል። በአራተኛው የለም። መነሻው የራሴ ቃል ነበር። «ነጠብጣቡን አጥፋ» ብዬ ነበር፤ ንቅሳቱን ከነጠብጣቡ ጋር ቆጠረው። ይህ በጣም አሳዘነኝ። አያቴ በዕድሜዋ ሙሉ ይዛው የኖረችውን መስቀል እንደ እድፍ አስጠርጌዋለሁ።

ቀጥሎ የሞከርኩት የተገላቢጦሽ ነበር። ፊቷን በቃላት ዘርዝሬ ጻፍኩ። ሞላላ ፊት፣ ከፍ ያለ ጉንጭ፣ ትልልቅ ዐይኖች፣ ሰልካካ አፍንጫ። ውጤቱ ከበፊቱም ባሰ። የወጣችው ሴት ሞላላ ፊት አላት፣ ጉንጯም ከፍ ያለ ነው፤ አያቴ ግን አይደለችም። እነዚያን ቃላት የሚያሟሉ ሴቶች ስንት ሺህ ናቸው! አንድን ሰው ራሱን የሚያደርገው ልኩ ነው፤ ልክን ፎቶ እንጂ ቃል አይይዘውም። ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ሞዴሉ ከፎቶው ይልቅ ከቃሉ እየሳለ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም ትቼ ከመጀመሪያው የተነሳሁት። ጉርድ ፎቶውን በ1200 ዲፒአይ እንደገና ስካን አደረግሁ። ወርዱ ከ1400 ፒክስል በላይ ሆነ። ብዙዎቹ ማረሚያዎች ግን ትልቅ ምስል ሲላክላቸው አሳንሰው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ፊቷን ብቻ ቆርጬ ሌላ ፋይል አደረግሁ። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ምስል እልካለሁ፤ የሚታረመውንና የፊቱን ቁራጭ። አሥራ አንዱን ዙር ደግሞ ወደ ሦስት ሰበሰብኩት። የመጨረሻ ምርጫዬን ስለማውቀው መሞካከር አላስፈለገኝም። ለጀርባው ግድግዳ የጻፍኩት ፕሮምፕት ይህ ነው፦

```
Image 1 is the photo to edit.
Image 2 is the same woman; use it as the only
reference for her face.
Change only the background to a plain dark grey wall.
The woman with the forehead cross stays as she is:
keep the cross tattoo, the width of her nose, and the
upper eyelid that sits lower, on the left side of the picture.
Same head angle, framing and expression.
```

መጀመሪያ የተጻፈው የትኛው ምስል ለምን እንደሆነ ነው። ሁለት ምስል ልኮ የማን ፊት እንደሚታመን ካልተነገረ ሁለቱን የሚያዋህድበት ጊዜ አለ፤ በአንድ ሙከራ ደርሶብኛል። ቀጥሎ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ተጠቅሷል። «አድስ»፣ «አሳምር» የሚሉ ቃላትን ሙሉ በሙሉ አወጣኋቸው፤ እነሱ ለሞዴሉ ፊቱንም እንዲያሳምር ፈቃድ ናቸው። «እሷ» ብቻ ከማለት ደግሞ በምልክቷ ጠራኋት። ይህን ምክር ፍለክስ ኮንቴክስት የተባለው የምስል ማረሚያ ሞዴል ሠሪዎች ባወጡት የፕሮምፕት መመሪያ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ በተውላጠ ስም ፈንታ ሰውየውን በሚታይ ነገር ጥሩት ይላል።

ከፊቷ ምልክቶች የጠቀስኩት ሦስት ብቻ ነው። የመረጥኳቸው ውብ ስለሆኑ አይደለም። በአሥራ አንዱ ዙር ውስጥ የጠፉት እነሱ ስለነበሩ ነው። ሌላውን ለፎቶው ተውኩት። የዐይኗን ነገር መጀመሪያ የጻፍኩት «ግራ ዐይኗ» ብዬ ነበር። ሞዴሉ የተሳሳተውን ዐይን ዝቅ አደረገ። የእሷ ግራ ይሁን የእኔ ግራ ግልጽ አልነበረም። «በምስሉ ግራ በኩል» ስል ተስተካከለ። የጭንቅላቷ አቅጣጫ እንዳይዞር ማለቴም በከንቱ አይደለም። ፊት ትንሽ ከዞረ ሞዴሉ ያላየውን ጎን መፍጠር አለበት፤ እዚያ ላይ ማንኛውም ቃል አያስጥልም።

ውጤቱን በዐይኔ ብቻ አላመንኩም። ፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ስካኑን ከታች፣ አዲሱን ከላይ በላየር አስቀመጥኩ። የላዩን ግልጽነት ግማሽ አደረግሁ። ከዚያ የሁለቱን የዐይን ብሌኖች አገጣጠምኩ። ፊቱ ካልሸሸ አፍና አገጭም ይገጥማሉ። ከሸሸ ግን ድርብ መስመር ይታያል። የድሮውን አሥራ አንደኛ ምስል እንዲህ ስፈትሸው አገጯ ወደ ላይ ተጠግቶ፣ ፊቷ አጥሮ ነበር። አዲሱ ላይ አፍና አገጭ ገጠሙ። የከንፈሯ ጠርዝ ላይ ብቻ ትንሽ ፈገግታ ገብቶበታል። ያን ዙር ጣልኩትና ከስካኑ ደገምኩ። በተበላሸው ላይ ሌላ ማረሚያ አልጨመርኩም።

ቀለሙን በፕሮምፕት ላገኘው አልቻልኩም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ውስጥ የቆዳ ቀለም መረጃ የለም፤ ሞዴሉ የሚሰጠው ግምቱን ነው። ቀለም በቀባ ቁጥር ደግሞ ፊቷን በመጠኑ ይነካዋል። ስለዚህ ቀለም የተቀባውን ምስል ወስጄ ከንጹሑ ጥቁርና ነጭ በላይ በላየር አስቀመጥኩት፤ የላየሩን ሁነታ `Color` አደረግሁ። እንዲህ ሲሆን ቀለሙ ብቻ ከሞዴሉ ይመጣል። ብርሃንና ጥላው፣ ማለትም የፊቷ ቅርጽ፣ ከራሷ ፎቶ ይቀራል። አክስቴን አጠገቤ አስቀምጬ የቀለሙን መጠን አብረን አስተካከልን። «ከእኔ ትንሽ ጠቆር ትላለች» እያለች እጇን ከስክሪኑ አጠገብ ትይዘው ነበር።

ስንጥቁ በቅንድቧ ላይ ያልፍ ነበር። እዚያ ጋ ምንም ዓይነት ፕሮምፕት የነበረውን አይመልስም፤ ከሥሩ የነበረው ፀጉር ከወረቀቱ ጋር ተፍቋል። ሞዴሉ የሞላውን ተቀበልኩ፤ ለቤተሰቡም ይህችን ቦታ ለይቼ ነገርኳቸው።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ አክስቴ መጀመሪያ ያየችው ግንባሯን ነው። በጣቷ ነካችው። ከዚያ ያን መስቀል ማን እንደነቀሳት፣ ስንት ቀን እንዳበጠባት ትነግረን ጀመር።