ያለ አረቄ መዘፍዘፍ፦ ግሊሰሪን ይሻላል ወይስ አቼቶ?

እኔ ዕፅ ስዘፈዝፍ የለመድኩት በአረቄ ነው። ያወጣል፣ ያቆያል፣ ብዙ አያስጨንቅም። ግን እዚህ ጎንደር ግማሹ ጎረቤቴ ሙስሊም ነው። አረቄ የነካውን ነገር ጠብታም ቢሆን አይቀምሱም። ክርስቲያኑም ቢሆን ለልጁ አረቄ መስጠት አይፈልግም። ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጥቅምት ጀምሮ ወደ ግሊሰሪንና ወደ አቼቶ ዞሬያለሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ግሊሰሪኑ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ለተሰነጠቀ ተረከዝ የምንቀባውን ነው። እሱን ለሚጠጣ ነገር እንዳትጠቀሙ። የሚፈለገው ለምግብ ወይም ለመድኃኒት የተዘጋጀ፣ መለያ ቁጥርና የምርመራ ወረቀት ያለው ነው። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፓናማ ውስጥ ግሊሰሪን ተብሎ የተሸጠ ዳይኤትሊን ግላይኮል ሳል ሽሮፕ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው ገድሏል። ይህ መርዝ እንደ ግሊሰሪን ጣፋጭና ወፍራም ስለሆነ በምላስም ሆነ በዓይን አይለይም። ወረቀት የሌለውን ሻጭ ማለፍ ብቻ ነው መፍትሔው። ሌላው ነገር ግሊሰሪን ከእንስሳት ስብም ይሠራል። ለፆመኛውም ለሙስሊሙም ከአትክልት ዘይት የተሠራ መሆኑን ጠይቁ።

የሞከርኩት በጦስኝ ነው፤ ከደባርቅ በኩል የሚመጣው ቅዳሜ ገበያ ላይ አይጠፋም። በጥላ አድርቄ፣ ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው የምጀምረው። 40 ግራም የደረቀ ጦስኝ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አደርግና 150 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ከ50 ሚሊ ሊትር ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ጋር ደባልቄ እጨምርበታለሁ። ሌላው ጠርሙስ ውስጥ ያው 40 ግራም፣ በላዩ 200 ሚሊ ሊትር አሲዱ 5 በመቶ የሆነ አቼቶ። ግሊሰሪኑን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አቼቶውን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጨለማ ቦታ አቆይቼ በየቀኑ እንጣለሁ። የአቼቶው ክዳን ፕላስቲክ ይሁን፤ ቆርቆሮውን አሲዱ ይበላዋል።

በወረቀት ሲታይ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ አንድ እጅ ዕፅ ለአምስት እጅ ፈሳሽ። ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው የገባውን እንጂ የወጣውን አይደለም። የወጣውን ለማወቅ የምወደው ዘዴ ፈሳሹን መቅመስ ሳይሆን አተላውን ማሽተት ነው። በጨርቅ አጥልዬ ከጨመቅሁ በኋላ ቅጠሉን በእጄ አሸዋለሁ። ከአረቄ የወጣው ቅጠል ሽታ አልባ ሊባል ይችላል። ከግሊሰሪን የወጣው አሁንም ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ከአቼቶ የወጣውን ግን አጥቤ ሳሸው ሽታው ከሁሉም በላይ እዚያው ቀርቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጦስኝ ጉልበት በአብዛኛው ያለው ታይሞልና ካርቫክሮል በሚባሉት የዘይት ክፍሎቹ ውስጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከውሃ ጋር ብዙም አይስማሙም። አልኮል በደንብ ያወጣቸዋል። ግሊሰሪን በአልኮልና በውሃ መካከል ነው፣ የተወሰነውን ያወጣል። 5 በመቶ አቼቶ ግን 95 እጁ ያህል ውሃ ነው።

አቼቶ የሚበልጥበት ቦታም አለ። አልካሎይድ ያለባቸውን ዕፆችና ማዕድናትን አሲዱ ጥሩ አድርጎ ይስባል። ስለዚህ “አቼቶ ደካማ ነው” ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም፤ ለጦስኝ ነው ደካማ የሆነው። ለማንኛውም ሁለቱም የአረቄውን ያህል ስላልሆኑ በአረቄው ጠብታ ልክ መስጠት ትርጉም የለውም። ግሊሰሪኑ በሻይ ማንኪያ ነው የሚለካው፤ ሲበዛ ግን ሆድ ያላላል። አቼቶውን ደግሞ በውሃ ሳታቀጥኑ አትጠጡ፣ ጥርስም ጨጓራም ይጎዳል።

አሁን ወደ ዕድሜው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ተጠያቂው ደግሞ ርጥብ ዕፅ ነው። ግሊሰሪን የሚያቆየው ውሃውን ለራሱ ስለሚይዝ ነው። ለጀርም የሚተርፍ ውሃ እንዳይኖር ከጠቅላላው ፈሳሽ ቢያንስ ከግማሽ በላይ ግሊሰሪን መሆን አለበት፤ እኔ ከ60 በመቶ በታች አልወርድም። ርጥብ ዝንጅብል እንውሰድ። 100 ግራም ርጥብ ዝንጅብል ውስጥ ወደ 80 ግራም ውሃ አለ። ለደረቀ ጦስኝ የተጠቀምኩትን ቅልቅል ማለትም 150 ግሊሰሪንና 50 ውሃ ብጨምርበት ጠቅላላው ፈሳሽ 280 ይሆናል፣ ግሊሰሪኑ ግን 54 በመቶ ብቻ ነው። አፋፍ ላይ ነው። ውሃውን ትቼ 200 ሚሊ ሊትር ንጹህ ግሊሰሪን ብቻ ብጨምር ግን 71 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ይቆያል። ስለዚህ ለርጥብ ዕፅ ውሃ አይጨመርም፣ ዕፁ ይዞት መጥቷልና።

አቼቶም ያው ነው። 200 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ አቼቶ ያን ዝንጅብል ሲያገኝ አሲዱ ወደ 3.6 በመቶ ይወርዳል። ወዲያው አይበላሽም፤ ግን ዕድሜው ያጥራል። ርጥብ ከሆነ አቼቶውን አብዝቶ ዝንጅብሉን መቀነስ፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

በደንብ የተሠራ የግሊሰሪን ዝፍዝፍ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ዓመት፣ ሲመቸው ሁለት ዓመት ይቆያል። የአቼቶው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው። አረቄው ጠንካራ ከሆነ አራት አምስት ዓመት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። በዚህ ምክንያት አሁን የምሠራው በትንሽ በትንሹ ነው፣ ጠርሙሱ ላይም የጠለለበትን ቀን እጽፋለሁ።

መበላሸቱ እንዴት ይታወቃል? ግሊሰሪኑ ክዳኑ ሲከፈት ጭስ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ አንገቱ ላይ አረፋ ከያዘ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካመጣ ፈልቷል፤ ይደፋ። አቼቶው ላይ ለስላሳ፣ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ንጣፍ ከታየ የኮምጣጤው የራሱ ነው፤ ይጠለልና ይቀጥላል። ደረቅ፣ ፀጉራም፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ከሆነ ግን ሻጋታ ነው። ላዩን ጠርጎ መጠቀም አይሞከርም።

እኔ ለጦስኝ ግሊሰሪኑን መርጫለሁ። ልጆች ሳይጎተቱ ይወስዱታል፣ ዕድሜውም ይሻላል። አቼቶውን ለዝንጅብልና ለነጭ ሽንኩርት ትቼዋለሁ፤ ምግብ ላይም ስለሚጨመር ሳይቆይ ያልቃል። ነጭ ሽንኩርትን በግሊሰሪን የሞከራችሁ ካላችሁ ውሃውን እንዴት እንደምታሰሉት ንገሩኝ።

ከርቤን ግን ሁለቱም አይችሉትም። ሙጫ ስለሆነ የሚሟሟው በጠንካራ አልኮል ነው። አንድ ጎረቤቴ “በአቼቶ ሥሪልኝ” ብላ ስትጠይቀኝ አይሆንም አልኳት፤ ለጭሱ ይዛው ሄደች።